ጤፍ በኩንታል ይሻላል ወይስ በየሳምንቱ በኪሎ? ብዙ ሰው ያለበት ቤት የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

እዚህ ያሉት ዋጋዎች ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ ምሳሌዎች ናቸው፤ በሰፈራችሁ የዕለቱ ዋጋ ተኳቸው።

ኩንታል መግዛት ሁልጊዜ ይረክሳል አይደል?

አይደለም። ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ ግን ሰው እንደሚያስበው ያህል አይደለም። አንዳንዴም ጭራሽ ይወደዳል። ችግሩ ያለው አነጻጸራችን ላይ ነው። እህል በረንዳ ሄደን «ኩንታሉ 13,600» ስንባል፣ ለ100 እናካፍልና ኪሎው 136 ብር ወጣ እንላለን። የሰፈሩ ዱቄት ቤት ደግሞ ኪሎውን 158 ይሸጣል። በኪሎ 22 ብር ተረፈን ብለን ደስ ይለናል።

ግን እነዚህ ሁለት ኪሎዎች አንድ አይደሉም። የእህል በረንዳው ኪሎ ግርድ አለው፣ አፈር አለው፣ አልተፈጨም፣ ቤትም አልደረሰም። የዱቄት ቤቱ ኪሎ ተነፍቶና ተፈጭቶ፣ ከቤታችሁ ደጃፍ ላይ ያለ ነው። በመካከላቸው ያለው 22 ብር ትርፍ የሚባለው፣ በመካከል ያለውን ሥራ ሁሉ ከፍላችሁ ከተረፈ ብቻ ነው።

ታዲያ የትኛውን ኪሎ ከየትኛው ጋር ላወዳድር?

ቡሃቃ ውስጥ ሊገባ የተዘጋጀውን አንድ ኪሎ ዱቄት ውሰዱ። በየትኛውም መንገድ ብትገዙ መጨረሻው እሱ ነው። ስሌቱም አጭር ነው፦ ጤፉ ቡሃቃው ጋ እስኪደርስ ያወጣችሁትን ብር ሁሉ ደምሩ፤ ከዚያ ለተገኘው ዱቄት ኪሎ አካፍሉ።

ሰው የሚስተው ሁለተኛውን ቁጥር ነው። ወጪውን አብዛኛው ሰው ይደምራል፤ የትራንስፖርቱንም የወፍጮውንም አይረሳም። ሲያካፍል ግን ለ100 ያካፍላል። 100 ኪሎ ጤፍ ተገዝቶ 100 ኪሎ ዱቄት ወጥቶ አያውቅም። ከግርዱ ጋር የሚወጣ አለ፣ ወፍጮ ውስጥ የሚቀር አለ፣ በንኖ የሚጠፋ አለ። ስለዚህ ከወፍጮ ቤት ስትመለሱ ዱቄቱን አስመዝኑና ቁጥሩን ጻፉት። በአንድ ዙር ብቻ ብታደርጉት እንኳ የቤታችሁን ልክ ታውቃላችሁ።

ለ9 ሰው ቤት ስሌቱን ከነቁጥሩ ልታሳዩኝ ትችላላችሁ?

አዲስ አበባ የሚኖር 9 ሰው ያለበት ቤት እንውሰድ። አያት አሉ፣ ልጆች አሉ፣ ከክፍለ ሀገር መጥታ የምትማር የዘመድ ልጅ አለች። በሳምንት 12 ኪሎ ዱቄት ይበላሉ። ከሰፈሩ ዱቄት ቤት ኪሎውን በ158 ሲገዙ ሳምንቱ 1,896 ብር ይፈጃል። ለዚህ ሌላ ወጪ የለበትም፤ ልጅ ተልኮ ይዞት ይመጣል።

አሁን ደግሞ ያንኑ ዓይነት ጤፍ በኩንታል ይግዙ። ጤፉ 13,600 ብር። ለጫኝና አውራጅ እና ለመኪናው 450። የምታበጥረውና የምትነፋው ሴት 500 ብር ትከፈላለች። ከግርዱ ጋር 3 ኪሎ ወጥቶ 97 ኪሎ ንጹሕ ጤፍ ቀረ። ወፍጮ ቤት በኪሎ 5 ብር ሲያስከፍል 485 ብር ይሆናል። ሲፈጭ 1 ኪሎ ገደማ ጎደለና 96 ኪሎ ዱቄት ቤት ገባ። ጠቅላላ ወጪው 15,035 ብር ነው። ለ96 ስናካፍለው ኪሎው 156 ብር ከ60 ሳንቲም ወጣ።

ከ158 ጋር አስተያዩት። 22 ብር የነበረው ልዩነት ወደ 1 ብር ከ40 ሳንቲም ወረደ። 96 ኪሎውን በችርቻሮ ቢገዙት 15,168 ብር ይከፍሉ ነበር። ያተረፉት 133 ብር ነው፤ እሱም ስምንት ሳምንት ለሚበላ ጤፍ። ቅዳሜን ሙሉ እህል በረንዳ ለዋለ ሰው ይህ የምሳውን አይሸፍንም።

እንዲህ ከሆነ ሰው ለምን በኩንታል ይገዛል? ልዩነቱን የሚያሰፋው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ያለበት ቤት አንድ ነገር አለው፤ እጅ አለው። ጤፉን ቤት ውስጥ የሚያበጥርና የሚነፋ ሰው ካለ 500 ብሩ ይቀራል። በላይኛው ምሳሌ ጠቅላላው 14,535 ይሆናል፤ ኪሎው ወደ 151 ብር ከ40 ይወርዳል። በኩንታሉ 633 ብር ተረፈ ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን ሐቀኛ መሆን ያስፈልጋል። የምትነፋው ሴት ያን ቀን ሌላ የሚከፈላት ሥራ ነበራት? ከነበራት 500 ብሩ አልተረፈም፤ ከእሷ ኪስ ወጣ እንጂ። ቤት የምትውል ከሆነችም ወገቧና ዓይኗ የሚቆጠር ነገር ነው። ሥራውን ለሁለት ሦስት ሰው ማካፈል ይሻላል።

ሁለተኛው መኪናው ነው። መኪና አንድ ኩንታል ጫነም ሦስት ጫነ፣ ዋጋው ብዙ አይለያይም። ከጎረቤት ጋር አብራችሁ ብትሄዱ የእናንተ ድርሻ ከ450 ወደ 250 ሊወርድ ይችላል። ያኔ ጠቅላላው 14,335፣ ኪሎውም 149 ብር ከ30 ይሆናል። ትርፉም 833 ብር ደረሰ። ከ133 ወደ 833 የወሰደን የጤፉ ዋጋ አይደለም፤ ጤፉ ያው በ13,600 ነው የተገዛው።

በርካሽ የተሸጠልኝ ኩንታል ግርድ በዛበት። አስቀድሜ እንዴት ማወቅ እችላለሁ?

ከመግዛታችሁ በፊት ናሙና ንፉ። ሻጩ ከጆንያው አናት ላይ ዘግኖ ያሳያችኋል፤ አናቱ ላይ ያለው ደግሞ ሁልጊዜ ያምራል። ከመሃልና ከታች እንዲያወጣላችሁ ጠይቁ። ነጋዴዎች ጆንያ የሚወጉበት ቱቦ መሰል ብረት አላቸው፤ በጎን ወግተው ያወጡላችኋል። እፍኙን መዳፋችሁ ላይ አሹትና እፍ በሉት። ገለባው ይበናል። የቀረውን ትንሽ ቆንጥራችሁ በጥርሳችሁ ሞክሩት፤ አሸዋ ካለ ወዲያው ይነግራችኋል።

ዋጋቸው የተለያየ ሁለት ጆንያዎች መሃል ከወላወላችሁ ከየአንዳንዱ አንድ አንድ ኪሎ ገዝታችሁ ቤት ግቡ። በወንፊት ነፍታችሁ የቀረውን መዝኑ። እንበልና የ13,600ው ጤፍ ከአንድ ኪሎ 970 ግራም ሰጠ። የ13,200ው ደግሞ 930 ግራም። የመጀመሪያው ንጹሕ ኪሎ 140 ብር ከ20 ሳንቲም ነው። «ርካሹ» 141 ብር ከ90 ነው። በዚያ ላይ ማበጠሩ እጥፍ ድካም አለው። እንክርዳድ ያለበት ከሆነ ደግሞ ዋጋውን ባታሰሉትም ተዉት፤ እንጀራውን ያበላሻል።

ኩንታሉ ቤት ሲመዘን 98 ኪሎ ሆነ። 2 ኪሎ ይሄን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። 2 ኪሎ በ136 ብር 272 ብር ነው። በላይኛው ምሳሌ ላይ ሁሉንም ሥራ ከፍለው ላሠሩት ቤተሰብ የተረፈው 133 ብር ነበር፤ ስለዚህ ይህች ጉድለት ብቻ ኩንታሉን ከችርቻሮ በላይ ታስወድደዋለች።

ሲመዘን እዚያው ሁኑ። ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ላይ መሆኑን እዩ። «ከነጆንያው ነው ወይስ የተጣራ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስስ የፕላስቲክ ማዳበሪያ ከሆነ ክብደቱ ለጨዋታ አይበቃም። የቃጫ ጆንያ ግን አንድ ኪሎ ገደማ ሊመዝን ይችላል። ሁለት ሃምሳ ሃምሳ ኪሎ ተደርጎ ከመጣም ሁለቱንም አስመዝኑ፤ አንዱን አይታችሁ ሌላውን በእምነት አትለፉት። ወፍጮ ቤት ላይም ያው ነው። የሰጣችሁትን ጤፍና የተቀበላችሁትን ዱቄት አስመዝኑ። ከእናንተ በፊት ምን እንደተፈጨም ጠይቁ፤ በቆሎ ወይም ሽንብራ ከነበረ የመጀመሪያው ዱቄት ከሱ ጋር ይደባለቃል።

እኛ ጋ ገበያው በጣሳ ነው። ጣሳን ከኩንታል ጋር እንዴት ላወዳድር?

ጣሳው ስንት ኪሎ እንደሚይዝ እስካላወቃችሁ ድረስ ማወዳደር አይቻልም። ጣሳና ቁና የሚሰፍሩት ቦታ የሚይዘውን እንጂ ክብደቱን አይደለም። ከሰፋሪ ሰፋሪም ይለያያል። አንዷ ከምራ ትሰፍራለች፤ ሌላዋ በእጇ ጠረግ አድርጋ ታስተካክለዋለች። አንዳንዱ ጣሳ ታችው ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው።

ከምትገዙባት ሴት አንድ ጣሳ ግዙና ቤት ወይም ሱቅ ሄዳችሁ መዝኑት። በሌላ ቀን ድገሙት። 800 ግራም አካባቢ ከሆነና ጣሳው 118 ብር ከተሸጠ፣ ኪሎው 147 ብር ከ50 ነው። አሁን ይህን ከኩንታሉ ጋር ማስተያየት ትችላላችሁ። ግን ያልተፈጨ ጤፍ መሆኑን አትርሱ፤ የጣሳውም ጤፍ ግርድና ወፍጮ አለበት። መኪና ግን የለበትም።

ማኛውን በኪሎ፣ ሠርገኛውን በኩንታል ብገዛ አያዋጣም?

ያዋጣ ይሆናል፤ ግን የተረፈው ከኩንታሉ ነው ወይስ ከጤፉ ዓይነት የሚለው ይምታታል። ማኛ ከነጭ፣ ነጭም ከሠርገኛ ይወደዳል። ሠርገኛን በኩንታል ገዝቶ ከማኛ ችርቻሮ ጋር የሚያወዳድር ሰው፣ ሠርገኛውን በኪሎም ቢገዛው ያንኑ ያህል ይቀርለት ነበር። በመጀመሪያ አንዱን ዓይነት በሁለቱም መንገድ አስሉ። ዓይነት መቀየሩን ለብቻው ወስኑ። ብዙ ቤት ለዘወትሩ ሠርገኛ፣ ለእንግዳና ለበዓል ነጭ ይይዛል፤ ይህ ጥሩ አካሄድ ነው።

ዓይነቱ ሲለያይ ከኪሎ ይልቅ የአንድ እንጀራ ዋጋ እውነቱን ይነግራችኋል። ውሃ የሚያነሳ ዱቄት ይበረክታል። አንዱ ዱቄት በኪሎ 158 ሆኖ ሰባት እንጀራ ከወጣው፣ እንጀራው 22 ብር ከ60 ገደማ ነው። ሌላው 146 ሆኖ ስድስት ብቻ ከወጣው 24 ብር ከ30 ደረሰ። ስትሞክሩት አንዱ ምጣድ፣ አንዱ ማስፊያ፣ አንዷ ጋጋሪ ይሁኑ። አለበለዚያ እንጀራው የበዛው ስለሳሳ ይሆናል። ከዱቄት ቤት የምትገዙት ሲጋገር ቶሎ የሚደርቅና የሚሰነጣጠቅ ከሆነ ደግሞ ሩዝ ወይም ሌላ እህል ገብቶበት እንደሆነ ጠይቁ። ሩዝ መቀላቀል ነውር የለውም፤ ብዙ ቤት አውቆ ያደርገዋል። በጤፍ ዋጋ ሩዝ መግዛት ግን ኪሳራ ነው።

ሸማቾች ማኅበርና የእሁድ ገበያ እያለ ኩንታል ምን ያደርጋል?

አንዳንድ ሳምንት ምንም አያደርግም። ሸማቾች ማኅበር ወይም የእሁድ ገበያ ላይ ጤፍ በጥሩ ዋጋ ሲገባ፣ 10 ኪሎም ሆነ 25 ኪሎ የሚገዛ ሰው በኩንታል ከሚገዛው ያላነሰ ዋጋ ሊያገኝ ይችላል። መኪና አይፈልግም፤ ተሸክሞት ይገባል። እንዲህ ያለ አማራጭ በእግር የምትደርሱበት ቦታ ካላችሁ፣ ኩንታሉን ከዱቄት ቤቱ ሳይሆን ከሱ ጋር አወዳድሩ።

ችግሩ አለመተማመኑ ነው። ጤፉ ዛሬ አለ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አልቆ ይጠብቃችኋል። ሰልፍም አለ። ለዘጠኝ ሰው የሚጋግር ቤት «የለም» ሲባል ቡሃቃውን ባዶ አያሳድርም፤ ወደ ዱቄት ቤቱ ይሮጣል። ስለዚህ ርካሹ የተገኘባቸውንና ያልተገኘባቸውን ሳምንታት አንድ ላይ አስሉ። ከአራት ሳምንት አንዱን ብቻ የምታገኙት ከሆነ፣ አማካዩ ዋጋ የሚጠጋው ወደ ዱቄት ቤቱ ነው።

መቼ ነው መግዛት ያለብኝ?

የኩንታል ትልቁ ጥቅም ያለው እዚህ ነው ባይ ነኝ። ጤፍ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ተወቅቶ ገበያ የሚሞላው ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ገበሬውም ያኔ ብር ስለሚያስፈልገው ይሸጣል። ክረምት ሲገባ የገበሬው ጎተራ ይጎድላል፣ መንገዱም ይጨቀያል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዋጋው ሽቅብ ይላል። በየሳምንቱ በኪሎ የሚገዛ ሰው ይህን ሽቅብ ከነሙሉው ይከፍላል። የካቲት ላይ የገዛ ሰው አይከፍለውም።

በምሳሌአችን ኩንታል የሚፈጀው ስምንት ሳምንት ነው። የካቲት 1 ላይ አንድ ኩንታል የገዛ ቤት መጋቢት ማብቂያ ላይ ጨርሶ ወደ ገበያ ይመለሳል፤ የክረምቱን ዋጋ አላመለጠም። ሦስት ኩንታል የገዛ እስከ ሐምሌ አጋማሽ አልፎ ይሄዳል። አራት የገዛ ዓመት በዓልን አልፎ መስከረም 10 አካባቢ ይደርሳል። ነሐሴ ላይ ኩንታሉ ከ13,600 ወደ 15,200 ቢወጣ፣ ለክረምቱ የተቀመጠው እያንዳንዱ ኩንታል 1,600 ብር አዳነ። ከችርቻሮ ወደ ኩንታል በመዞር ብቻ ካገኘነው 833 እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። አዲስ ጤፍ ስትገዙ ግን እርጥበት እንዳለው እዩ። ያልደረቀ ጤፍ በእጅ ሲጨበጥ ይቀዘቅዛል፣ ይጣበቃል። የምትከፍሉት ለውሃም ነው፤ ሲከማችም ይሻግታል።

አንድ ማሳሰቢያ። በየዓመቱ እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም። መንገድ ሲዘጋ፣ ነዳጅ ሲጨምር ወይም ዝናብ ሲያንስ ጥር ላይም ሊወደድ ይችላል። የሦስት አራት ዓመት የጥርና የነሐሴ ዋጋ ደብተር ላይ የያዘ ቤት ከማንም ወሬ የተሻለ ምክር አለው።

ሦስት አራት ኩንታል ቤት ውስጥ ሳይበላሽ ይቀመጣል?

ጤፍ ይቀመጣል። ፍሬው በጣም ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ እንደ ስንዴና በቆሎ አይደፍረውም። በደንብ ከደረቀ ዓመት ማለፍ ይችላል። ጠላቶቹ እርጥበትና አይጥ ናቸው። ጆንያውን ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጡት፤ ከሥሩ ጣውላ አድርጉ፣ ከግድግዳውም አንድ ክንድ ፈቀቅ ይበል። በር አጠገብና የቧንቧ መሥመር ያለበት ግድግዳ ጋ አይሁን። ክዳን ያለው በርሜል ካላችሁ ለአይጥ እሱ ይበልጣል።

ሁሉንም በአንዴ አታስፈጩት። ዱቄት እንደ ፍሬው አይቆይም፤ ሽታው ይለወጣል። የሁለት ወይም የሦስት ሳምንቱን ብቻ አስፈጩ። ለወፍጮ ቤቱ ምልልስ ብር የምታወጡ ከሆነ ያንንም ደምሩት። ስንዴ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ባቄላ ላይ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ነቀዝ አንድ አሥረኛውን ከበላው የኩንታሉ ትርፍ ሁሉ ሄደ። ለእነሱ አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት አለ። እህሉ በደንብ ደርቆ ገብቶ አፉ ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። ገበያ ላይ የሚሸጠውን የነቀዝ ክኒን ሰው በሚተኛበት ቤት ፈጽሞ አትጠቀሙ። የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ለየትኛውም ትርፍ የሚደረግ ነገር አይደለም።

በእጄ ያን ያህል ብር የለም። ተበድሬ ልግዛ?

በወለድ ከሆነ ብዙ ጊዜ አያዋጣም። 14,335 ብር በወር ሦስት በመቶ ተበድራችሁ በሁለት ወር ብትመልሱ ወለዱ 860 ብር ነው። ኩንታሉ ያተረፈላችሁ 833 ነበር። ያለ ወለድ ከዘመድ ካገኛችሁ ሌላ ነገር ነው። ለትምህርት ቤት ወይም ለቤት ኪራይ የተቀመጠ ብርን ግን አትንኩ። ጤፍ ቤት ሞልቶ ሳለ ለሌላ ነገር ብር ሲያስፈልግ፣ ጤፉን መልሶ መሸጥ ሁልጊዜ በኪሳራ ነው።

በጎረቤት የሚደረግ የጤፍ እቁብ አለ። አራት ቤቶች በሳምንት 1,700 ብር ይጥላሉ እንበል። ሳምንቱ 6,800፣ ሁለቱ ሳምንት 13,600 ይሆናል። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቤት ኩንታል ይደርሰዋል። በስምንት ሳምንት ሁሉም ያገኛል፤ የመጀመሪያውም ጤፉን እየጨረሰ ነው፣ ዙሩ እንደገና ይጀምራል። 1,700ው በየሳምንቱ ለዱቄት ቤት ከምትከፍሉት 1,896 ያነሰ ነው። ከባዱ የመጀመሪያው ዙር ነው። መጨረሻ የሚደርሰው ሰው እቁቡንም እየጣለ ጤፉንም በኪሎ እየገዛ መቆየት አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያው ዕጣ በጣም እጅ ላጠረው ቤት ይሰጥ። ዋጋው መሃል ላይ ቢጨምር ጭማሪውን ሁሉም ያዋጣል ወይስ ባለ ዕጣው ይችለዋል የሚለውንም ከመጀመራችሁ በፊት ተነጋገሩ።

ኩንታል ስንገዛ ቶሎ ያልቅብናል። በሒሳቡ ግን መቆየት ነበረበት። ለምን?

ይህን የሚጠይቁት በአብዛኛው አሥር ሰው አካባቢ ያለበት ቤት ውስጥ ያሉ እናቶች ናቸው፤ ጥያቄያቸውም ትክክል ነው። ጆንያ ሙሉ ሲሆን እጅ ይፈታል። ዱቄቱ ሲቦካ «አንድ ጨምሪ» ይባላል። ዘመድ ሲመጣ አምስት ኪሎ ተሰፍሮ ይሰጣል። የተረፈ እንጀራ ለፍርፍር ከመዋል አልፎ ይደርቃል። በኪሎ ሲገዛ ግን ሐሙስ ላይ ዱቄቱ ሲያልቅ ሁሉም ያውቀዋል፤ ቆጥቦ ያደርሰዋል።

በቁጥር ሲታይ ያስደነግጣል። በሳምንት 12 ኪሎ ይበላ የነበረው ቤት 13 ኪሎ ተኩል መብላት ከጀመረ፣ 96 ኪሎው ስምንት ሳምንት መሆኑ ቀርቶ ሰባት ሳምንት ላይ ያልቃል። የጠፋው ሳምንት በችርቻሮ 1,896 ብር ነበር። ኩንታሉ ያተረፈው 833 ብቻ ነው። ልጆቹ ጠግበው በልተው ከሆነ ያ ኪሳራ አይባልም፤ እሰየው ነው። እንጀራው ደርቆ ከተጣለ ግን ኩንታሉ ከሸመታው በላይ አስወጥቷል።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ጆንያው ላይ የተከፈተበትን ቀን በእስክርቢቶ ጻፉ። ለአንድ ቡኮ የሚገባውን ዱቄት በዓይን ሳይሆን በአንድ ቋሚ ጣሳ ስፈሩ፤ ጣሳው ከጆንያው ውስጥ አይውጣ። ለዘመድ የሚሰጠውን ደግሞ ለብቻው ያዙት። መስጠቱ አይቅር፤ ግን ከጤፉ ሒሳብ ላይ ሳይሆን ከስጦታው ላይ ይቆጠር። ኩንታሉ ሲያልቅ ቀኑን ቁጠሩ። ስምንት ሳምንት ከደረሰ በኩንታል ቀጥሉ። ስድስት ሳምንት ላይ ካለቀና የበላው ሰው ካልጨመረ፣ 25 ኪሎ ሩብ ኩንታል እየገዛችሁ ለአንድ ዙር ሞክሩት።